የወጥ ቤቴን ብሬከር አምፒር እንዴት እንደመረጥኩ

የወጥ ቤቴ ሶኬቶች በሙሉ ያሉት በአንድ ባለ 16 አምፒር ብሬከር ላይ ነበር። ዕቃዎቹ አብረው ሲሠሩ ብሬከሩ ይወርዳል። ወዲያው ግን አይደለም፣ ትንሽ ቆይቶ ነው። ይሄ ብዙ ይናገራል። ሽቦ ከሽቦ ተነካክቶ ቢሆን ኖሮ ገና ስሰካ ይወርድ ነበር። ቆይቶ የሚወርደው ከአቅሙ በላይ ሲጫንበት ውስጡ ያለው ብረት እየጋለ ሄዶ ሲታጠፍ ነው።

«በ32 ቀይረውና ተገላገል» ያሉኝ ነበሩ። እኔ ግን መጀመሪያ መደመር ፈለግኩ። ስሌቱ ዋቱን ለቮልቱ ማካፈል ብቻ ነው፤ ቤቴ የሚገባው 220 ቮልት ነው። የውሃ ማፍያው 2000 ዋት ስለሆነ 9.1 አምፒር ይስባል። ምድጃውም 2000 ነው፣ ሌላ 9.1። ፍሪጁ 150 ዋት፣ 0.7 ገደማ። ማይክሮዌቩ ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ፦ ፊት ለፊት በትልቁ የተጻፈው 800 ዋት ምግቡ ጋ የሚደርሰው ኃይል ነው። ከመስመሩ የሚስበው ጀርባው ላይ በተለጠፈችው ትንሽ ወረቀት ላይ አለ፣ የኔው 1200 ይላል። ይሄ 5.5 አምፒር ነው። ሲደመር 24.4፣ ከ16 በግማሽ ይበልጣል።

እዚህ ላይ ባለ 25 ብሬከር ልክ የሚመጣ ይመስላል። አይመጣም፣ ምክንያቱም ብሬከሩ የሚጠብቀው ዕቃውን ሳይሆን ግድግዳ ውስጥ ያለውን ሽቦ ነው። ዋናውን አጥፍቼ ሽቦው ላይ የታተመውን አነበብኩ፣ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር መዳብ ነው። በቱቦ ግድግዳ ውስጥ ለገባ እንዲህ ያለ ሽቦ ከ20 አምፒር በላይ ብሬከር አላስቀምጥም። ብሬከር ቁጥሩን እንዳለፈ ወዲያው አይወርድም፤ 13 ከመቶ ያህል ቢያልፍ ከአንድ ሰዓት በላይ ሊሸከም ይችላል። ባለ 32 ቢገባ ሽቦው ግሎ ላስቲኩ እየለሰለሰ ብሬከሩ ዝም ይላል። እሳት የሚነሳው እንዲህ ነው፣ ለዚህ ነው ምክሩ ያስፈራኝ።

ስለዚህ ጭነቱን ከፈልኩት። ኤሌክትሪሺያኑ ለምድጃው ብቻ ከብሬከር ሳጥኑ አዲስ ባለ 2.5 ሽቦ ስቦ የራሱን ባለ 16 ብሬከር ሰጠው። አሮጌው መስመር ላይ የቀረው 15.3 አምፒር ነው፣ ከ16 በታች። ጠባብ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ማፍያው የሚሠራው ለጥቂት ደቂቃ ነው፣ ፍሪጁም ሲነሳ ብዙ ቢስብ ለቅጽበት ስለሆነ ብረቱን አያግለውም።

ነገ ሌላ የሚያሞቅ ዕቃ ካመጣሁ ድምሩን እንደገና እሠራለሁ። 20ን የማያልፍ ከሆነ፣ ሽቦውም እስከ መጨረሻው ሶኬት ድረስ 2.5 መሆኑ ከተረጋገጠ፣ ባለ 20 ብሬከር ይበቃል። ካለፈ ግን ሌላ መስመር ይሳባል።