ያልተከፈለ የሠራተኞች ግብር ሲገኝ፦ ከውሳኔው እስከ ክሊራንሱ

አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ የቤት ዕቃ ማምረቻ የፋይናንስ ኃላፊ ሆኜ የገባሁት ጥር 2017 ላይ ነው። በሚቀጥለው ወር የግብር ውሳኔ ማስታወቂያ መጣ። ድርጅቱ ከሠራተኞቹ ደመወዝ የቀነሰውን ግብር ለመንግሥት ሳያስገባ ቀርቷል፤ ሌላም ቀንሶ መያዝ ሲገባው ያልቀነሰው አለ። ፍሬ ግብሩ 398,000 ብር ሲሆን ቅጣትና ወለድ ከላዩ ተደምሮበታል። ጉዳዩን ከዚያ ቀን አንሥቶ እስከ ክሊራንሱ የያዝኩት እኔ ስለነበርኩ፣ ተመሳሳይ ነገር ለገጠመው ሰው እንዲጠቅም የሄድንበትን መንገድ እጽፋለሁ።

መጀመሪያ ማወቅ የፈለግሁት የግብር መሥሪያ ቤቱ እንዴት እንደደረሰበት ነበር፤ ምክንያቱም ያገኙበት መንገድ የሚከራከሩበትንም ያሳያል። የተጠቀሙበት ዘዴ ቀላል ነው። ድርጅቱ ጥቅምት ላይ ባቀረበው የ2016 የትርፍ ግብር ማስታወቂያ ለደመወዝና አበል 3,222,000 ብር ወጪ አድርጌያለሁ ብሏል። በየወሩ ያስታወቀው የሠራተኞች ግብር ዝርዝር ሲደመር ግን የሚያሳየው ደመወዝ 1,748,000 ብር ብቻ ነው። የ1,474,000 ብር ልዩነት ማለት ነው። በዚያ ላይ የጡረታ መዋጮው ለአሥራ ሁለቱም ወር ተከፍሏል፤ ግብሩ የተከፈለው ለስምንት ወር ነው። ሁለቱንም የሚሰበስበው ያው መሥሪያ ቤት ስለሆነ ኦዲተሩ ገና ቢሯችን ሳይመጣ አራቱን ወር ለይቶ ያውቅ ነበር።

ልዩነቱን መበተን ቀጣዩ ሥራ ሆነ። ለእያንዳንዱ ወር አንድ መስመር ያለው ሰንጠረዥ አዘጋጀሁ፤ ፔሮሉ የሚለው፣ ከባንክ ወደ ሠራተኞች ሒሳብ የወጣው፣ ያስታወቅነው እና በደረሰኝ የከፈልነው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ድርጅቱ ሃያ ሠራተኞች አሉት፤ አሥሩ 12,000 ብር፣ አሥሩ 9,850 ብር ይከፈላቸዋል። በወቅቱ በነበረው ሠንጠረዥ የ12,000 ብር ደመወዝ በ35 በመቶ ተባዝቶ 1,500 ሲቀነስ ግብሩ 2,700 ብር ነው። የ9,850 ብሩ በ30 በመቶ ተባዝቶ 955 ሲቀነስ 2,000 ብር ይመጣል። የወሩ ድምር 47,000 ብር ነው። ከመጋቢት እስከ ሰኔ 2016 ባለው አራት ወር ይህ ገንዘብ ከሠራተኞቹ ተቀንሷል፣ በሒሳብ መዝገቡም «የሚከፈል የሠራተኞች ግብር» በሚለው ሒሳብ 188,000 ብር ሆኖ ተቀምጧል፤ ግን አልተከፈለም። ድርጅቱ በዚያ ወቅት ለእንጨት አቅራቢዎች ዕዳ ከፍሎበታል።

እዚህ ላይ ሐምሌ 2017 የጀመረውን አዲሱን ሠንጠረዥ ለቆየ ወር የሚጠቀሙ ሰዎች አጋጥመውኛል። በአዋጅ 1395/2017 እስከ 2,000 ብር ያለው ደመወዝ ከግብር ነፃ ሆኗል፣ 35 በመቶውም የሚጀምረው ከ14,000 ብር በላይ ነው። ያ ለአሁኑ ደመወዝ ነው። የቆየው ዕዳ የሚሰላው ደመወዙ በተከፈለበት ጊዜ በነበረው ሠንጠረዥ ነው።

የቀረው 210,000 ብር ከአበል የመጣ ነው። አሥሩ ከፍተኛ ተከፋዮች በየወሩ 3,000 ብር የቤት አበል እና 2,000 ብር የትራንስፖርት አበል ከፔሮል ውጭ በባንክ ይገባላቸው ነበር። ኦዲተሩ ሁለቱንም ደመወዝ ላይ ደምሮ በ35 በመቶ አስልቷል። በጥሬ ገንዘብ የሚከፈል የቤት አበል ግብር የሚከፈልበት መሆኑ አያከራክርም፤ በሰው 1,050 ብር በወር፣ ለአሥር ሰው በዓመት 126,000 ብር ይሆናል። የትራንስፖርቱ ግን ሌላ ነው። በወቅቱ በነበረው መመሪያ ለሥራ የሚከፈል የትራንስፖርት አበል ከደመወዙ አንድ አራተኛ ካልበለጠና ከ2,200 ብር ካላለፈ ከግብር ነፃ ነበር። የ12,000 ብር አንድ አራተኛ 3,000 ስለሆነ 2,000 ብሩ በሁለቱም ገደብ ውስጥ ነበር። ስለዚህ በሰው 700 ብር በወር፣ በጠቅላላው 84,000 ብር ያለአግባብ ተጠይቀናል።

ባለቤቱ ሰንጠረዡን ካየ በኋላ፣ «አንቺ፣ ታዲያ ሁሉንም ለምን አንከራከርም? እየተከራከርን ጊዜ እናገኛለን» አለኝ። «አይሆንም ጋሼ፤ የማንከራከርበትን ካልከፈሉ ቅሬታዎን አይቀበሉትም» አልኩት። የታክስ አስተዳደር አዋጅ 983/2008 እንደዚያ ነው የሚለው። ቅሬታ የሚቀርበው ውሳኔው በደረሰ በ21 ቀን ውስጥ ነው፣ ያልተከራከሩበት ግብርም መከፈል አለበት። ቀኑ የሚቆጠረው ማስታወቂያው ከደረሰበት ጀምሮ ስለሆነ ያስረከቡበትን ቀንና የተቀባዩን ፊርማ ኮፒ አድርጎ መያዝ ያስፈልጋል።

ደግሞም ጊዜው ርካሽ አልነበረም። የመጋቢት 2016ን 47,000 ብር ብቻ እንውሰድ። መከፈል የነበረበት እስከ ሚያዝያ 30 ነው፤ እኛ የከፈልነው መጋቢት 2017 በአሥራ አንደኛው ወር ነው። ዘግይቶ ለመክፈል ለመጀመሪያው ወር 5 በመቶ፣ ከዚያ ለእያንዳንዱ ወር 2 በመቶ ሲደመር 25 በመቶ ሆነ፤ 11,750 ብር። ማስታወቂያውን በወቅቱ ላለማቅረብ በየወሩ 5 በመቶ ሆኖ ጣሪያው 25 በመቶ ነው፤ ሌላ 11,750 ብር። ቀንሶ ያልያዘ ወይም ይዞ ያላስገባ ደግሞ 10 በመቶ ይቀጣል፤ 4,700 ብር። በአንድ ወር ግብር ላይ 28,200 ብር፣ ማለትም 60 በመቶ ቅጣት። ወለዱ ከዚህ ውጭ ነው፤ የሚሰላውም ባለፈው ሩብ ዓመት በነበረው ከፍተኛ የንግድ ባንክ ማበደሪያ መጣኔ ላይ 15 በመቶ ተጨምሮ ነው። ባለቤቱ ይህን ሲያይ ሁሉንም እንከራከር ማለቱን ተወው።

ከሁሉ የሚከብደው የወንጀሉ ጉዳይ ነው። ከሠራተኛ የቀነሱትን ግብር ለማጭበርበር አስበው ሳያስገቡ መቅረት በዚሁ አዋጅ ከ3 እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። እኛን የረዳን ዕዳው በመዝገቡ ላይ በግልጽ መቀመጡ ነው። ፔሮሉ ግብሩን ያሳያል፣ የሀብትና ዕዳ መግለጫው ያሳያል፣ ለመሥሪያ ቤቱ የቀረበው የወጪ መግለጫም ሙሉ ደመወዙን ያሳያል። ምንም አልተደበቀም። ይህንኑ በጽሑፍ አብራርተን ከደብዳቤው ጋር መዝገቡን አያያዝን። ውሳኔው ከመጣ በኋላ መዝገቡን «ለማስተካከል» የሚመክር ሰው ካለ አትስሙት፤ የሚያድነውን ማስረጃ በእጃችሁ ማጥፋት ይሆናል።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ሄደ። ያልተከራከርንበትን 314,000 ብር ፍሬ ግብር ባለቤቱ ከባንክ በወሰደው ገንዘብ በ21 ቀኑ ውስጥ ከፈልን። ስንከፍል ገንዘቡን በጅምላ አላስገባንም፤ የአራቱን ወር ማስታወቂያ ለየወሩ ከሠራተኞቹ ስምና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ዝርዝር ጋር አቀረብን፤ የቤት አበሉንም በየወሩ ከፋፍለን በተሻሻለ ማስታወቂያ አስገባን። ይህ ለሠራተኛው ነው። ዝርዝር የሌለው ክፍያ ከድርጅቱ ዕዳ ይቀነስ ይሆናል እንጂ ሠራተኛው ግብር ስለመክፈሉ ማስረጃ ሲጠይቅ ስሙ አይገኝም።

በዚያው ሳምንት የ84,000 ብሩን ቅሬታ አስገባን። ያያያዝነው የሥራ ውሎቹን፣ የባንክ ዝውውሩን እና በሰው በሰው የተሠራውን ስሌት ነው። ቅሬታውን ያየው የመሥሪያ ቤቱ ኮሚቴ የዘጠኙን ሠራተኞች ተቀበለ። የአሥረኛው ውል «ልዩ ልዩ አበል» ስለሚል ለእሱ የተጠየቀው 8,400 ብር ጸና። ወደ ይግባኝ ኮሚሽን በ30 ቀን ውስጥ መሄድ ይቻል ነበር፤ ክርክር ካለበት ግብር ግማሹን ማስያዝ ስለሚያስፈልግና ውሉም ስለማይረዳን ከፈልነው። ቅሬታው ሲወሰን በ75,600 ብሩ ላይ የተቆለለው ቅጣትና ወለድም አብሮ መነሣቱን ማየት አለባችሁ። በእኛ ላይ ፍሬ ግብሩ ተቀንሶ 10 በመቶው ሳይቀነስ ቀርቶ በደብዳቤ ነው ያስተካከሉት።

ለቅጣቱና ለወለዱ ሁለት የተለያዩ ማመልከቻዎች አስገባን፤ አንዱ ቅጣት እንዲነሣ፣ ሌላው የቀረው በየወሩ እንዲከፈል። በአንድ ደብዳቤ ሁለቱን ከጠየቁ የሚያዩት ክፍሎች ስለሚለያዩ ወረቀቱ መሐል ላይ ይቆማል። ለክፍያ ስምምነቱ የስድስት ወር የባንክ መግለጫ እና ከትእዛዞቻችን የሚገባውን ገንዘብ የሚያሳይ ዕቅድ አቀረብን። ቅጣቱ በከፊል ተነሣ፣ የቀረው በየወሩ እንዲከፈል ተፈቀደ። እዚህ ላይ ጥንቃቄው፣ አንዱን ወር ካሳለፉ ቀሪው በሙሉ ወዲያውኑ ይጠየቃል፤ በስምምነቱ ጊዜም ወለዱ መቆጠሩን አያቆምም። ስለዚህ የወሩን መጠን ስንጠይቅ የምንችለውን ትልቁን ሳይሆን ሥራ በቀዘቀዘበት ወርም የማያቅተንን ነው ያቀረብነው። ሥራ አስኪያጁና የቀድሞው ዋና ሒሳብ ሹም በግላቸው እያንዳንዳቸው 2,000 ብር ተቀጥተዋል፤ ይህ ከድርጅቱ ቅጣት የተለየ ነው።

የቤት አበሉ 126,000 ብር ከሠራተኞቹ ጋር መነጋገር አስፈልጎት ነበር። ሕጉ ያልቀነሰውን ግብር አሠሪው ከከፈለ በኋላ ከሠራተኛው እንዲያስመልስ ይፈቅዳል፤ ቅጣቱንና ወለዱን ግን አይፈቅድም። ድርሻው በሰው 12,600 ብር ነው። በአንድ ጊዜ መቁረጥ ሰውን መጉዳት ነው፤ የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉም በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዝ ከአንድ ሦስተኛ በላይ መቁረጥን ይከለክላል። አሥሩን ሰብስበን ሰንጠረዡን አሳየናቸው፣ 1,050 ብር በወር ለአሥራ ሁለት ወር በጽሑፍ ተስማሙ። ከመሐላቸው አንዱ የ188,000 ብሩ ደረሰኝ ላይ ስሙን እንዳሳየው ጠየቀኝ። አሳየሁት። መብቱ ነው፣ ሁሉም ሠራተኛ ሊጠይቅ ይገባል።

ክሊራንሱ የተሰጠን የክፍያ ስምምነቱ ከተፈረመና የመጀመሪያው ክፍያ ከገባ በኋላ ነው። አሁን ደመወዝ በሚከፈልበት ቀን ግብሩ ወደ ሌላ የባንክ ሒሳብ ይዛወራል፤ ከዚያ ሒሳብ ገንዘብ የሚወጣው ለግብርና ለጡረታ ብቻ ነው። አበል ሁሉ በፔሮሉ ውስጥ ገብቷል፣ የአሥረኛው ሠራተኛ ውልም «የትራንስፖርት አበል» ተብሎ ተስተካክሏል። ወሩ ሲዘጋ የፔሮሉን፣ የጡረታውንና የግብር ማስታወቂያውን ድምር አስተያያለሁ፤ ሦስቱ ካልገጠሙ ማስታወቂያው አይላክም።