የሙና የትምህርት ቤት ወረቀት ለእናቷ በዓረብኛ

ከመጋላ እስከ ከዚራ፣ ድሬ ላይ ዓረብኛ ብቻ የሚያነቡ እናቶች አሉ። በ2007 ዓ.ም ጦርነቱ ሲበረታ ከየመን የመጡ አሉ፣ ሳዑዲ ተወልደው አድገው የተመለሱም አሉ። ልጆቻቸው አማርኛውን ባንድ ዓመት ያቀላጥፉታል፣ እናት ግን ከትምህርት ቤት የምትመጣውን ወረቀት ፎቶ አንስታ «ምን ይላል?» ብላ ለጎረቤት ትልካለች። ጎረቤቷ ዓረብኛ ቢችልም ወረቀቱ ባብዛኛው የሚያሳስተው በቋንቋው አይደለም፤ በቀኑና በሰዓቱ ነው።

ለምሳሌ ይሄን እንውሰድ፦ «ለተማሪ ሙና ወላጅ/አሳዳጊ። የ1ኛ ሴሚስተር የውጤት ካርድ ስለሚሰጥ ቅዳሜ 16/05/2018 ከጠዋቱ 2:30 በትምህርት ቤቱ ቅጥር ግቢ በግንባር ቀርበው እንዲወስዱ እናሳስባለን። የመዋጮ 200 ብር ይዘው እንዲመጡ። በዕለቱ ላልተገኘ ወላጅ ትምህርት ቤቱ ኃላፊነት አይወስድም።» ከታች ተቆርጦ የሚመለስ፣ የወላጅ ፊርማ ያለበት ቁራጭ አለ።

መጀመሪያ ፎቶው። የድሬ ፀሐይ ላይ የተነሣ ነጭ ወረቀት ያነጣል፣ የስልኩ ጥላም መሐሉ ላይ ይወድቃል። ጥላ ውስጥ፣ በር አጠገብ፣ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ከላይ ቀጥ አድርጋ ታንሳው። አራቱም ጠርዝ መታየት አለበት፤ ያ ቁራጭ ሁልጊዜ ከታች ስለሆነ ተቆርጦ የሚቀረው እሱ ነው። ወረቀቱ ፎቶ ኮፒ ሆኖ ቀኑ በእስክሪብቶ የተሞላ ከሆነ፣ አንዳንዴም ማኅተሙ ላዩ ላይ ካረፈ፣ ወሩ 05 ይሁን 06 አይለይም። ያኔ ከመገመት የዕለቱን ስም ማየት ነው። ወረቀቱ ቅዳሜ ይላል፤ ጥር 16 ቅዳሜ ነው፣ የካቲት 16 ደግሞ ሰኞ ይውላል። ስለዚህ 05 ነው። የዕለቱ ስም ካልተጻፈ ግን ሌላ ፎቶ ከማስላክ ወይም የክፍል ጓደኛዋን እናት ከመጠየቅ ሌላ መላ የለም።

አሁን ቀኑ። 16/05/2018 የሚለውን እንዳለ ከላክንላት የሙና እናት፣ ኡም ሙና፣ የምታነበው ሜይ 16፣ ያውም ድሮ ያለፈ 2018 ነው፤ «ያረጀ ወረቀት ነው» ብላ ትተወዋለች። አምስተኛው ወር የእኛ ጥር ነው። የ2018 ጥር 1 ጃንዋሪ 9 ላይ ስለዋለ ጥር ላይ 8 እንደምራለን፤ 16 ሲደመር 8፣ ጃንዋሪ 24፣ 2026። ይህ 8 ግን የጥር ብቻ ነው። የካቲት ላይ የሚደመረው 7፣ መጋቢት ላይ 9 ነው። ጳጉሜ 6 ቀን ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት ደግሞ እስከ የካቲት መጨረሻ ድረስ አንድ ይጨመርበታል። ስለዚህ በቃል ከማስላት የሁለቱንም ዘመን የሚያሳይ የግድግዳ ካሌንደር ማየት ይሻላል፤ ካወጡት በኋላም ዕለቱ ቅዳሜ መሆኑን እዚያው ያረጋግጡ።

ወሩን በቁጥር አንጽፍም፣ ጃንዋሪን «የናይር» እንላለን። በግዳጅ ካልሆነ ዓረብኛ መስመር ውስጥ 24/1 ብሎ መጻፍ አደገኛ ነው፤ ጽሑፉ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚሄድ አንዳንድ ስልክ ላይ ቁጥሮቹ ቦታ ይለዋወጣሉ። ዓመቱን ጭራሽ መተው ነው፣ አያስፈልጋትም።

ሰዓቱ ላይ 6 ይደመርና ከጠዋቱ 2:30 ማለዳ 8:30 ይሆናል። ሳይቀየር ከሄደላት ከሰዓት 2:30 ትመጣለች፤ ያ በእኛ 8:30 ነው፣ ዘበኛው ብቻ ነው የሚቀበላት። ድሬ ብዙ የቆዩ ቤተሰቦች በሁለቱም ሰዓት ያወራሉ፤ ለዚህ ነው «ጠዋት» የምትለው ቃል መቼም መቅረት የሌለባት። ዓረቦቹ ስምንትን «ሰማኒያ» ማለታቸው ደግሞ ለእኛ ጆሮ አሥቂኝ ነው፤ ስትሰሙ ሰማንያ እንዳይመስላችሁ። አባት ጂዳ ሆኖ ቢጠይቅም ሂሳቡ ያው ነው፣ የጂዳና የድሬ ሰዓት አይለያይም።

ቃላቱ ላይ ስንደርስ ነገሩ ይረቅቃል። አማርኛው «ወላጅ ይቅረብ» ሲል ተራ ነገር ነው። በዓረብኛ «ኢስቲድዓእ» ካልን ግን እናትየዋ ልጄ ተደባደበች ወይ ብላ ትደነግጣለች፤ እዚያ ይህ ቃል ወላጅ ለጥፋት ሲጠራ የሚባል ነው። «ተዓሊ» ይበቃል፣ ነይ ማለት ነው። «እናሳስባለን»ም እንዲሁ «ኢንዛር» አይደለም፤ ኢንዛር ማስጠንቀቂያ ነው። «በግንባር» የሚለውን ደግሞ «አንቺ ራስሽ» እንላለን፣ «ኢንቲ ቢነፍሲክ»። «ኃላፊነት አይወስድም» የሚለው መደበኛ የመዝጊያ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ቃል በቃል ሲሄድ ዛቻ ይሆናል። ግን መዝለልም አይገባም፣ ለምን መቅረት እንደሌለባት ይነግራታልና። «ካልተመቸሽ አስቀድመሽ ንገሪኝ» ብሎ ማለዘብ ይቻላል። «የውጤት ካርድ» ሸሃዳ ነው። «መዋጮ» ሙሳሀማ ነው፤ «ገራማ» ከተባለ ቅጣት ይሆናል። ወረቀቱ ውዴታ ነው ወይስ ግዴታ አይልም፣ ስለዚህ እኛም ከራሳችን አንጨምርም።

ገንዘቡን በፊደል እንጽፈዋለን። የዓረቦቹ ዜሮ ነጥብ ናት፣ አምስታቸው ደግሞ ክብ ስለሆነ የእኛን ዜሮ ይመስላል። አንዱ በእኛ ቁጥር ሌላው በእነሱ ቁጥር ሲያነብ 200 ሌላ ነገር ይሆናል። «ሚአተይን ቢር ኢትዮቢ» ካልን ግን ክርክር የለም።

መልእክቱ አጭር ይሁን፤ ቢቻል በጽሑፍም በድምፅም፣ ድምፁን እናት ሥራ እየሠራች ትሰማዋለች። ለሴት ነውና ግሡ በሴት ይሁን፤ ለአባት ሲሆን «ተዓል»፣ «ጂብ» ይባላል። አጠራሯም አስቀድሞ ይጠየቅ፤ የበኩር ልጇ ዑመር ከሆነ፣ ተማሪዋ ሙና ብትሆንም ሰው እናትየዋን የሚጠራት ኡም ዑመር ብሎ ነው። እኛ እዚህ በኡም ሙና እንቀጥል፦

«አስሰላሙ ዐለይኩም ያ ኡም ሙና። የውም አስሰብት፣ አርባዐ ወዒሽሪን የናይር፣ አስሳዐ ሰማኒያ ወኑስ አስሱብሕ፣ ተዓሊ ኢንቲ ቢነፍሲክ አልመድረሳ፣ ዐሻን ታኽዚ ሸሃደት ሙና። ጂቢ መዓኪ ሚአተይን ቢር ኢትዮቢ። ሙና ቢኸይር፣ ማ ፊ ሙሽኪላ። ኢዛ ማ ቲቅደሪን፣ ኸብሪኒ ቀብል።»

ይህም፦ ቅዳሜ ጃንዋሪ ሃያ አራት፣ ጠዋት ስምንት ተኩል፣ የሙናን ካርድ ለመውሰድ አንቺ ራስሽ ትምህርት ቤት ነይ፤ ሁለት መቶ የኢትዮጵያ ብር ይዘሽ ነይ፤ ሙና ደኅና ናት፣ ችግር የለም፤ ካልቻልሽ አስቀድመሽ ንገሪኝ ማለት ነው። «ሙና ደኅና ናት፣ ችግር የለም» የሚለው ወረቀቱ ላይ የለም፤ ግን ከትምህርት ቤት ወረቀት ሲመጣ እናት መጀመሪያ የምትፈልገው እሱን ነው። መጨመሩን እኛ እናውቃለን፣ ለእሷም «ይሄ ከእኔ ነው» እንላታለን። ሌላው ሁሉ ወረቀቱ ያለው ብቻ ነው።

«ኢንሻአላህ» ብላ ከመለሰች ገና አልጨረስንም፤ ያ መረዳቷን አይነግረንም። «የትኛው ቀን፣ ስንት ሰዓት?» ብለን እናስመልሳት። «አስሰብት፣ ሰማኒያ ወኑስ» ካለች ደርሷል። ከዚያ የቀረው ቁራጩ ነው፤ በዓረብኛ ብትፈርምም ፊርማዋ ፊርማ ነው። ከመስመሩ ላይ ቆርጣ ሙና ቦርሳ ውስጥ ትጨምርላት፣ ነገ ጠዋት ለክፍል ኃላፊዋ እንድትሰጥ።