ላይ ሽምብራ ሜዳና ታች ሽምብራ ሜዳ

በጣና ዙሪያ ባለ አንድ ወረዳ ለእያንዳንዱ ቀበሌ ስንት አጎበር እንደሚላክ የሚያሳይ ካርታ እንድንሠራ ታዘዝን። በእጃችን ሁለት ፋይል ነበር። አንደኛው ከወረዳው የመጣ፣ የየቀበሌውን ሕዝብ ብዛት የያዘ የኤክሴል ሰንጠረዥ ነው። ሁለተኛው ለ1999ኙ የሕዝብና ቤት ቆጠራ በተሠራው ካርታ ላይ የተመሠረተ የቀበሌ ወሰን ፋይል ነው። ሰንጠረዡ 34 ረድፍ አለው፤ የወሰን ፋይሉ ደግሞ 33 ፖሊጎን፣ ማለትም የቀበሌውን ወሰን የሚያሳይ ዝግ ቅርጽ። የቀበሌዎቹን ስምና አሃዝ እዚህ ቀይሬያቸዋለሁ፤ የችግሩ ዓይነት ግን እንዳለ ነው።

ሁለቱን ፋይሎች የሚያገናኛቸው የቀበሌው ስም ብቻ ነበር፤ ስሙም በሁለቱም በኩል በላቲን ፊደል ተጽፏል። ኪውጂአይኤስ በተባለው የካርታ ሶፍትዌር ላይ በስም ስናጣምራቸው 21 ቀበሌዎች ወዲያው ገጠሙ፤ 12ቱ ባዶ ቀሩ። ባዶ የቀሩትን ስሞች ጎን ለጎን ስናያቸው ምክንያቱ አላስቸገረንም። በአንዱ `Giyorgis` የተባለው በሌላው `Giorgis` ነው። አንዱ `Qidus` ሲል ሌላው `Kidus` ይላል። ወረዳው እንደ ቢሮ ልማዱ `D/Mariam` ብሎ ያሳጠረው በወሰን ፋይሉ `Debre Mariyam` ሆኖ ተዘርግቷል። አንዳንዱ ስም ደግሞ ከመጨረሻው ፊደል በኋላ ዓይን የማያየው ባዶ ቦታ አለው፤ ለሰው ያው ነው፣ ለኮምፒውተሩ ግን ሌላ ስም ነው።

ካርታው በዚያው ቀን ይፈለግ ስለነበር አንድ የሥራ ባልደረባዬ ለቀሩት ስሞች በሌቨንሽታይን ርቀት ቅርብ የሆነውን ስም ፈልጎ አጣመራቸው። ይህ ርቀት አንዱን ስም ወደ ሌላው ለመለወጥ ስንት ፊደል መጨመር፣ ማውጣት ወይም መቀየር እንደሚያስፈልግ የሚቆጥር ነው፤ ኪውጂአይኤስ ውስጥም `levenshtein()` ተብሎ ተዘጋጅቶ ይገኛል። ካርታው ሞላ። አንድም ነጭ ቀበሌ አልቀረም፤ አንድ ፖሊጎን ሁለት ጊዜ አልተያዘም። በካርታው ላይ ያለው የሕዝብ ድምር ከሰንጠረዡ ድምር የሚያንሰው ፖሊጎን ባጣችው በአንዲቷ ረድፍ ልክ ብቻ ነበር። ብዙ ቢሮዎች ይህን ያህል ካዩ ሥራው አልቋል ይላሉ።

እኔ ካርታ ከመላኬ በፊት የማደርጋት አንድ ነገር አለች። የተጣመረውን ሕዝብ በፖሊጎኑ ስፋት አካፍዬ በካሬ ኪሎ ሜትር ስንት ሰው እንደሚኖር፣ ማለትም ጥግግቱን፣ በቀለም አያለሁ።

```
"POP" / ($area / 1000000)
```

የዚያ አካባቢ የገጠር ቀበሌዎች በካሬ ኪሎ ሜትር ከ150 እስከ 200 ሰው ባለው ክልል ውስጥ ነበሩ። በመካከላቸው ሁለት የሚዋሰኑ ቀበሌዎች ለብቻቸው ወጥተው ታዩ፤ አንዱ 462፣ ሌላው 68። አንድ ቀበሌ ብቻ ቢጎላ ኖሮ ምናልባት ገበያ ወይም ትንሽ ከተማ አለበት ብዬ አልፈው ነበር። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቀበሌዎች አንዱ ከመጠን በላይ፣ ሌላው ከመጠን በታች ሲሆኑ ግን መጀመሪያ የምጠረጥረው አሃዛቸው መለዋወጡን ነው።

ሁለቱ ቀበሌዎች ላይ ሽምብራ ሜዳና ታች ሽምብራ ሜዳ ናቸው። በሰንጠረዡ ላይ እንዲህ ተጽፈዋል፦

```
Lay Shimbra Meda       7860
Tach Shenbera Mieda    3120
```

በወሰን ፋይሉ ደግሞ እንዲህ፦

```
Lay Shenbera Mieda     46 km2
Tach Shimbra Meda      17 km2
```

በአፍ ሽምብራም ሽንብራም ይባላል፤ በላቲን ሲጻፍ ደግሞ ሁሉም እንደ ጆሮው ነው። የሰንጠረዡን ረድፎች የተለያዩ ሰዎች ሳይሞሏቸው አልቀሩም፤ የወሰን ፋይሉም እንደዚያው። አሁን ኮምፒውተሩ እንዴት እንደቆጠረ እንይ። `Lay Shimbra Meda` የሚለው ትክክለኛ ጓደኛው ወደሆነው `Lay Shenbera Mieda` ለመድረስ አራት ለውጥ ይፈልጋል፤ i ወደ e፣ m ወደ n ይቀየራሉ፣ አንድ e እና አንድ i ይጨመራሉ። ወደ `Tach Shimbra Meda` ለመድረስ ግን ሦስት ይበቃዋል፤ L ወደ T፣ y ወደ c፣ ከዚያ አንድ h። ስለዚህ ላይን ከታች ጋር አጣመረው። የሌላኛው ረድፍ ስሌትም ያው አራት ለሦስት ነው፤ ታች ወደ ላይ ሄደ። ልውውጡ ሙሉ ስለሆነ ድምሩም አልተናጋ፣ የተደገመ ፖሊጎንም አልተገኘ።

በዘመቻ ስሌት ለ1.8 ሰው አንድ አጎበር ይታሰባል። ለላይ ሽምብራ ሜዳ 4,367 አጎበር ሲያስፈልግ ለታች ሽምብራ ሜዳ የሚያስፈልገው 1,734 ነው። ካርታው በዚያው ቢላክ ኖሮ በአንዱ ቀበሌ ከ2,600 በላይ አጎበር ይተርፋል፤ በሌላው ያንኑ ያህል ይጎድላል። የሚጎድልበት ደግሞ ብዙ ሰው ያለበት ቀበሌ ነው።

ሁሉንም ፊደል እኩል መቁጠር ለእኛ ስሞች አይሆንም። በአማርኛ ስም ላይ በላቲን ሲጻፍ የሚዋዥቀው አብዛኛውን ጊዜ አናባቢው ነው። ሳድሱን አንዱ በ i፣ ሌላው በ e ይጽፈዋል፣ ሦስተኛው ይዘለዋል። ተነባቢዎቹ ግን በአመዛኙ ይጸናሉ፤ ላይንና ታችን የሚለዩትም እነሱ ናቸው። ስለዚህ በሁለቱም ፋይል ላይ አናባቢውን፣ ክፍተቱንና ጭረቱን አስወጥቶ ተነባቢውን ብቻ የሚያስቀር አዲስ ዓምድ ሠራን። `y` ን አብረን አስወጣናት፤ ማርያም አንዴ `Mariam` አንዴ `Maryam` እየሆነች ታስቸግራለችና። `q` ን ወደ `k` መለስናት።

```
regexp_replace(
  replace(lower("NAME"), 'q', 'k'),
  '[^bcdfghjklmnprstvwxz0-9]', '')
```

ከዚህ በፊት ግን አሕጽሮቹ መዘርጋት አለባቸው። `D/Mariam` እንዳለ ከገባ `dmrm` ይሆናል፣ ደብረ ማርያም ግን `dbrmrm` ነው። `D/` ሁልጊዜ ደብረ ስላልሆነ ይህን በእጅ ሠራነው። ቁጥሮቹን ሆን ብለን አስቀርተናል፤ ቀበሌ 01 እና 02 በአንድ ፊደል ብቻ ይለያያሉ፣ ግን ፈጽሞ የተለያዩ ቦታዎች ናቸው። ስሞችን በድምፃቸው የሚያመሳስለው `soundex()` ለዚህ ሥራ አይሆንም። የመጀመሪያውን ፊደል እንዳለ ስለሚያስቀር `Qidus` Q320፣ `Kidus` ደግሞ K320 ይሆኑና አይገናኙም።

በተነባቢው ከ12ቱ ሰባቱ በትክክል ገጠሙ። ሁለቱ ሽምብራ ሜዳዎች አልገጠሙም፤ የ m እና የ n ልዩነት አለባቸው። ሆኖም አሁን `lshmbrmd` ከ `lshnbrmd` የሚለየው በአንድ ፊደል ሲሆን ከ `tchshmbrmd` ግን በሦስት ነው፤ ቅርቡ ትክክለኛው ሆኗል። እንደዚያም ሆኖ በዚህ ብቻ አላጣመርናቸውም። ሙሉ በሙሉ ያልገጠመ ሁሉ የሚያውቅ ሰው እንዲያረጋግጠው ለየነው፤ አምስት ፖሊጎንና ስድስት ረድፍ ቀረ።

ለወረዳው ባለሙያ ስደውል የጠየቅኋቸው ስለ ስሙ አጻጻፍ አልነበረም። «ጋሼ፣ ላይ ሽምብራ ሜዳ ከየትኞቹ ቀበሌዎች ጋር ይዋሰናል?» አልኳቸው። ጎረቤቶቹን አንድ በአንድ ጠሩልኝ። በካርታው ላይ 46 ካሬ ኪሎ ሜትር ከሆነው ፖሊጎን ጎን ያሉት ቀበሌዎች ነበሩ። «ታችኛውማ ትንሽ ናት፤ አብዛኛው መሬቷ የወል ግጦሽ ነው» ብለው ጨመሩልኝ። ስም ሊሳሳት ይችላል፤ ጎረቤት ግን ከስሙም ከአሃዙም ውጭ የሆነ ማስረጃ ስለሆነ ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ የምጠይቀው እሱን ነው።

ከዚያው ስልክ ሌላም ነገር ወጣ። ከቀሩት መካከል ሁለት ቀበሌዎች ስማቸውን ለውጠዋል። በቆጠራው ካርታ በአካባቢው ስም የተመዘገቡት አሁን በቤተ ክርስቲያናቸው ስም ይጠራሉ። እዚህ ምንም የፊደል ስሌት አይሠራም። ባልደረባዬ በተጠቀመበት መንገድ ርቀታቸው ከ8 በላይ ሆኖ ሳለ፣ ሌላ የቀረ ስም ስለሌለ ብቻ፣ እርስ በርስ ተለዋውጠው ተጣምረው ነበር። ጥግግቱም አላጋለጣቸውም፤ ሕዝባቸውም ስፋታቸውም ተቀራራቢ ስለሆነ ቢለዋወጡም ቀለማቸው ከጎረቤቶቻቸው አይለይም። የጥግግት ካርታ ትልቁን ስህተት ያሳያል እንጂ ሁሉንም አይይዝም።

አምስተኛው ፖሊጎን ከቆጠራው በኋላ ለሁለት የተከፈለ ቀበሌ ሆኖ ተገኘ፤ 34ኛዋ ረድፍ የመጣችው ከዚያ ነው። አዲሱ ወሰን በካርታ ስላልነበረ የሁለቱን ሕዝብ ደምረን በአሮጌው ፖሊጎን ላይ አኖርነው፤ የአጎበሩን ዝርዝር ግን ለየብቻ ጻፍን። በግምት መስመር ማስመር ስህተት ይመስለኛል። የተሰመረ ወሰን አንዴ ፋይል ውስጥ ከገባ በኋላ የመጣው ሰው ሁሉ እውነት ነው ብሎ ይይዘዋል።

ሁለቱንም ዋና ፋይሎች አልነካናቸውም። ስሙን እዚያው አርሞ ማስተካከል የሚያጓጓ ነገር ነው፤ ግን ማን ምን እንደለወጠ በኋላ አይታወቅም። በምትኩ አንድ የማዛመጃ ሰንጠረዥ ሠራን። በእያንዳንዱ ረድፍ የወረዳው አጻጻፍ፣ የፖሊጎኑ መለያ ቁጥር፣ የተጣመረበት መንገድ (በቀጥታ፣ በተነባቢ ወይም በስልክ) እና ያረጋገጠው ሰው አለ። ካርታው የሚጣመረው በስም ሳይሆን በዚያ ቁጥር ነው። ቁጥሩ እንደ ጽሑፍ መቀመጥ አለበት። የአማራ ክልል መለያ 03 ስለሆነ ኤክሴል ፋይሉን እንደ ቁጥር ከከፈተው የፊቷን ዜሮ ይበላትና በማግሥቱ አንድም ቀበሌ አይገጥምም። ተነባቢ ብቻ የያዘውን ዓምድ ከአንድ ወረዳ ውጭ ለማጣመር መጠቀምም አይቻልም። ደራ የሚባል ወረዳ በደቡብ ጎንደርም በኦሮሚያ ሰሜን ሸዋም አለ፤ ደብረ ማርያም የሚባል ቀበሌማ በብዙ ወረዳ ይገኛል።

በቀጣዩ ዙር ወረዳው አዲስ ሰንጠረዥ ሲልክ `Lay Shimbera Meda` የሚል ሌላ አጻጻፍ ይዞ መጣ። በማዛመጃው ላይ አንድ ረድፍ ጨመርንለት፣ በዚያው የፖሊጎን ቁጥር።