«ቡና ስላልጠጣች ነው»

ጅማ ውስጥ ራሱን ያመመው ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው «ቡና ጠጥተሃል ወይ?» ተብሎ ነው። እውነትም ብዙ ጊዜ አንድ ስኒ ሲጠጣ ይለቀዋል። ነፍሰ ጡር ላይ ግን ይቺ ጥያቄ ጊዜ ታባክናለች። አዋላጅ ነርስ ነኝና ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ።

ልጅቷ የመጀመሪያ እርግዝናዋ ነው፤ 36 ሳምንት ሆኗታል። አማቷ ይዘዋት የመጡት ለክትትል አልነበረም። የጨጓራ መድኃኒት ፈልገው ነው። ከባጃጅ ወርዳ ደረጃውን ስትወጣ እግሯን በዳሰሳ ነበር የምታስቀምጠው።

«የቱ ጋ ነው የሚያምሽ?»

ከጎድን አጥንቷ ሥር፣ መሃልና ቀኝ በኩል አሳየችኝ። «ራሴንም ያመኛል» አለች።

አማቷ ቀደም ብለው «ቡና ስላልጠጣች ነው፤ ሽታው አስጠላኝ ብላ ትታዋለች» አሉ።

ራስ ምታቱ ከጀመራት ሁለተኛ ቀኑ ነው። ፓራሲታሞል ወስዳም አልተዋትም። ፊቷን አየሁት፤ ዐይኗ ሥር አብጧል። «ፊትሽ ድሮም እንዲህ ነው?» ስላት አማቷ ሳቁ። «ወፈረችልኝ እንጂ!» ከስልኳ በቅርቡ ሠርግ ላይ የተነሳችውን ፎቶ አወጣች። ሌላ ሰው ነው የሚመስለው። የጋብቻ ቀለበቷንም ጣቷ አላስገባ ስላላት በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላዋለች። እግር በእርግዝና ጊዜ ማበጡ የተለመደ ነው። ፊትና እጅ በድንገት ሲያብጡ ግን የደም ግፊት ሳይለካ ማንም ወደ ቤቱ መመለስ የለበትም።

የዐይንን ነገር «ብዥ ይልሻል?» ብዬ አልጠይቅም። ብዙዎቹ «አይ፣ ደህና ነኝ» ይላሉ። ስለ ሥራቸው ነው የምጠይቀው።

«ዛሬ ምን ስትሠሪ ዋልሽ?»

«ምስር ስለቅም ነበር። ጠጠሩ አልታይ አለኝ። ብልጭ ብልጭ የሚል ነገርም ፊቴ ላይ ይመላለሳል።»

ግፊቷ 170/115 ሆነ። አሳርፌ ከሩብ ሰዓት በኋላ ስለካው ያው ነው። ሽንቷ ላይ ፕሮቲኑ ሦስት ፕላስ ወጣ። በእርግዝና 140/90 ሲደርስ መከታተል እንጀምራለን፤ 160/110 ከደረሰ ግን ድንገተኛ ነው፣ ቀጠሮ አይሰጥም። የእሷ ሕመም ከባድ ፕሪኤክላምፕሲያ ይባላል። ችግሩ ከእንግዴ ልጁ ይነሳና የእናትየውን የደም ሥሮች ይጎዳል። ከሥሮቹ ውኃ ሲያፈስ ፊት ያብጣል። ጉበት ሲጎዳና ሲያብጥ እንደ ጨጓራ ያማል። ጭንቅላት ሲነካ ራስ ምታቱና ብዥታው ይመጣል። ቀጥሎ የሚፈራው ማንቀጥቀጥ ነው። የፈለጉት የጨጓራ ሽሮፕ ቢሰጣት ኖሮ የትኛውንም አይነካም ነበር።

አማቷ «ባሏ አጋሮ ነው፣ መጥቶ ይወስን» አሉ። ደም እየፈሰሳት ቢሆን ኖሮ ይህን የሚል አይኖርም ነበር፤ ደም ያየ ሰው ተሸክሞ ይሮጣል። ይሄኛው ግን አይታይም።

«እማማ፣ በስልክ ይንገሩት። ሆስፒታል እንገናኝ ይበሉት» አልኳቸው።

እስከዚያው ግፊቱን ለማውረድ ሃይድራላዚን 5 ሚሊግራም በደም ሥሯ ቀስ ብለን ሰጠናት። ማንቀጥቀጡን የሚከላከለው ግን ማግኒዝየም ሰልፌት ነው። 4 ግራሙ ተበጥብጦ ቢያንስ በአምስት ደቂቃ ውስጥ በደም ሥር ይገባል፤ ከዚያ 5 ግራም በአንዱ፣ 5 ግራም በሌላው መቀመጫ ይወጋል። «ሰውነቴ ተቃጠለ!» አለች። ሙቀቱ የመድኃኒቱ ነው፣ ያልፋል። መብዛቱ ግን ትንፋሽ ያቆማል። ስለዚህ የትንፋሿን ቁጥር፣ ጉልበቷን መታ ስናደርግ እግሯ መንጠሩንና ሽንቷን እያየን፣ ማርከሻውን ካልሲየም ግሉኮኔት አጠገባችን አድርገን ነው የምንሰጠው። ሪፈር ወረቀቱ ላይ የሰጠንበትን ሰዓት ጻፍኩ፣ ደወልኩ፣ በግራ ጎኗ አስተኝተን በአምቡላንስ አብሬያት ሄድኩ።

ሆስፒታል ምጥ በመድኃኒት አስጀመሩላትና በማግስቱ ሴት ልጅ ወለደች፤ አነስ ያለች ግን ጮኸች። ማግኒዝየሙ ከወሊድ በኋላም ለ24 ሰዓት ቀጠለ። አማቷ «አሁንማ ወለደች፣ አለቀ አይደል?» ሲሉኝ ገና እንደሆነ ነገርኳቸው። ግፊቱ ከወሊድ በኋላ ባሉት ቀናት፣ በተለይ ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው፣ መልሶ ሊያሻቅብ ይችላል፤ ማንቀጥቀጥም ከወሊድ በኋላ ይመጣል። ቤት ከገባች በኋላ ራሷን ባመማት ቀን አማቷ ቡና አላፈሉም፣ ይዘዋት መጡ። 150/100 ነበር። ኒፈዲፒን ጀመርንላትና ቀጠሮዋን አቀረብነው።