ለምን ሁለተኛውን?

ዛሬ አንድ መልእክት ስጽፍ ነው ያረፈድኩት። ደንበኛዬ ባሕር ዳር የእንግዳ ማረፊያ አላቸው፤ ለዌብሳይታቸው ሦስት ዲዛይን ልኬላቸው ነበር። የወደዱት አንደኛውን ነው፣ ሙሉ ስክሪን የጣና ፎቶ፣ ላዩ ላይ ነጭ ጽሑፍ። እውነትም ያምራል። እኔ ግን ሁለተኛውን ይውሰዱ አልኩ፤ ምክንያቱን እንዲህ ጻፍኩላቸው፦

"እትዬ፣ ትናንት ሦስቱንም በስልኬ ከፍቼ ፀሐይ ላይ ወጣሁ። አንደኛው ላይ ነጩ ጽሑፍ ከደመናው ጋር ተቀላቅሎ የክፍሉን ዋጋ ማንበብ አቃተኝ። ፎቶውን ማጥቆር ይቻላል፣ ግን ያኔ የወደዱት የሐይቁ ውበት ይጠፋል። ሦስተኛው ላይ ፎቶዎቹ በራሳቸው ይቀያየራሉ፤ ሰው አልጋውን አይቶ ሳይጨርስ ያልፍበታል። ሁለተኛው ላይ ፎቶው ከላይ ነው፣ ዋጋው ከሥሩ ነጭ መደብ ላይ በጥቁር ተጽፏል፣ መደወያውም ገጹን ወደ ታች ቢስቡት እንኳ ከስክሪኑ ግርጌ አይጠፋም፤ እንግዳው ነካ ካደረገው ይደውላል።"

ኮምፒውተር ላይ ትንሽ ባዶ እንደሚመስልም አልደበቅኳቸውም። የጣናን ፎቶ ደግሞ ከአንደኛው ወስጄ፣ ቶሎ እንዲከፈት ከ4 ሜጋባይት ወደ 200 ኪሎባይት አሳንሼ አስገባሁላቸው።

ማታ ደወሉ። በረንዳ ላይ ቆመው በልጃቸው ስልክ አይተውታል። "ዋጋው ይነበባል" አሉኝ። ደስ አለኝ።