ስድስት ማሳ በስድስት ማሳ፦ ቲ ቴስት ሲያስቸግረኝ ምርቱን በደረጃ ያወዳደርኩበት መንገድ

ምስራቅ ጎጃም ውስጥ አፈሩ አሲዳማ በሆነበት አንድ ቀበሌ ከ12 ገበሬዎች ጋር ስንዴ ላይ ኖራ ሞክረን ነበር፣ 6 ማሳ ላይ ኖራ ተበተነ 6ቱ ባሉበት ቀሩ፣ ማን ኖራ ያግኝ የሚለውን በእጣ ነው የለየነው። ተወቅቶ ተመዝኖ በሄክታር ሲሰላ ኖራ ያላገኙት 9፣ 11፣ 12፣ 14፣ 15፣ 17 ኩንታል፣ ያገኙት ደግሞ 13፣ 16፣ 18፣ 19፣ 21 እና 58 ኩንታል ሰጡ።

58ቷን ሳይ ሚዛኑን ጠረጠርኩ፣ ግን ሄደን ስናጣራ ማሳው ከቤት ጥግ ያለ፣ ለዓመታት ከብት ሲያድርበት የኖረ ፍግ የጠገበ መሬት ነው፣ ቁጥሩ ልክ ነው። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ "እሷን አውጣትና ቲ ቴስቱን ሥራው" አለኝ። ሁለቱንም ሠርቼ አሳየሁት፣ 58 ስትኖር የአማካዮቹ ልዩነት 11 ኩንታል ገደማ ሆኖ ፒ ቫሉው 0.17፣ ስትወጣ ልዩነቱ ወደ 4.4 ወርዶ ፒ ቫሉው 0.04 አካባቢ። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ እዩት፣ ኖራ ካገኙት አንዱ በጣም ብዙ ስላመረተ የኖራው ማስረጃ ደከመ ማለት እኮ ነው! ቲ ቴስት የአማካዮቹን ልዩነት ለመበታተኑ ስለሚያካፍለው ነው፣ 58 አማካዩን ከፍ ታደርጋለች መበታተኑን ግን ከዛ በላይ ትለጥጠዋለች። በእጣ የገባን ማሳ ውጤቱን አይቶ ማውጣት ደግሞ እጣውን ማፍረስ ነው፣ ስለዚህ አላወጣኋትም።

የኖርማሊቲ ቴስት አልፏል ብላችሁም አትመኑ፣ 6 ቁጥር ይዞ ሻፒሮ ዊልክ ብዙ ነገር ማየት አይችልም፣ ማለፉ ኖርማል ነው ማለት አይደለም። እኔ ነጥቦቹን ወረቀት ላይ ደርድሬ በዓይኔ ማየቱን እመርጣለሁ።

የሠራሁት ዊልኮክሰን በ1945 ያወጣውን የደረጃ ድምር ቴስት ነው፣ ማን ዊትኒ የሚባለውም በስሌት ያው ነው። 12ቱንም ቁጥር ቀላቅላችሁ ከትንሹ ወደ ትልቁ ትደረድሩና ከ1 እስከ 12 ደረጃ ትሰጣላችሁ። ኖራ ያገኙት 4፣ 7፣ 9፣ 10፣ 11፣ 12 ወጡ፣ ድምሩ 53፣ የሌሎቹ 25። 58 እዚህ ጋ 12ኛ ናት በቃ፣ 22 ብትሆንም ያው 12ኛ ነበረች። በሌላ መንገድ ካያችሁት እያንዳንዱን ኖራ ያገኘ ማሳ ካላገኘው ጋር አንድ ለአንድ ብታጋጥሙ 36 ግጥሚያ አለ፣ ኖራው 32ቱን አሸንፏል፣ የተሸነፈው 13 በ14፣ በ15 እና በ17፣ 16 ደግሞ በ17 ብቻ ነው።

ፒ ቫሉው ከየት መጣ ካላችሁ፣ ከ12 ደረጃ 6 የሚመረጥበት መንገድ 924 ነው፣ ኖራው ምንም ካልሠራ ሁሉም እኩል እድል አላቸው። እንደኛ ወይም ከዛ በላይ ያደላው በአንድ በኩል 12፣ በሁለቱም በኩል 24 ነው፣ 24 ለ924 ሲካፈል 0.026። አር ላይ ይሄው ነው፦

```
nora <- c(13, 16, 18, 19, 21, 58)
yale <- c(9, 11, 12, 14, 15, 17)
wilcox.test(nora, yale, conf.int = TRUE)
```

ያቺን `conf.int = TRUE` እንዳትረሷት፣ ገበሬው ፒ ቫሉ አይበላም፣ ስንት ኩንታል ጨመረ ነው የሚለው። የ36ቱን ግጥሚያ ልዩነቶች ሚዲያን ወስዶ 5.5 ኩንታል ይሰጣችኋል፣ ይሄ ከ11ዱ ይልቅ አብዛኛው ማሳ ላይ ያየነውን ይመስላል። የሚተማመንበት ክልል ግን ከ1 እስከ 41 ነው፣ ሰፊ ነው፣ 6 ማሳ ከዚህ በላይ አይናገርም፣ ሪፖርቱ ላይም እንዳለ አስገባሁት። አንድ ነገር፣ 5.5ቱ ሁለቱ ስርጭቶች ቅርፃቸው አንድ ሆኖ አንዱ ወደላይ ተገፍቷል ብሎ ነው የሚነበበው፣ ቅርፁ ከተለያየ ከ36ቱ ግጥሚያ 32ቱን ማሸነፉን መናገር ይሻላል።

ቁጥሮቹን በጣም ካጠጋጋችሁ እኩል የሆኑ ይበዛሉና አር `cannot compute exact p-value with ties` ይላል፣ ያኔ የሚሰጠው ግምታዊ ፒ ቫሉ ነው፣ በ6 ማሳ ደግሞ ግምቱ አያስተማምንም፣ ስለዚህ ሲመዘን ግማሽ ኪሎውም ይጻፍ። አንድ ማሳ ለሁለት ከፍላችሁ ግማሹ ላይ ብቻ ኖራ ከበተናችሁ ደግሞ ጥንድ ስለሆነ ሌላኛው የዊልኮክሰን ቴስት ነው የሚሠራው፣ `paired = TRUE`፣ ቢያንስ 6 ጥንድ ይዛችሁ፣ በ5 ጥንድ ትንሹ ፒ ቫሉ 0.0625 ነው። 3 ማሳ በ3 ማሳ የጀመራችሁም ካላችሁ ኖራው ሁሉንም ቢያሸንፍ እንኳን ያለው መንገድ 20 ብቻ ስለሆነ ፒ ቫሉው ከ0.1 አይወርድም፣ ሳይዘራ ነው ማሳ መጨመር ያለባችሁ።