ዜሮ ብቻ ያለበት ፋይል እና የ 2n-1 ጣጣ

ፋይል ኮምፕረስ የሚያደርግ ሞጁል ላይ እየሰራን ነበር፣ የምንጠቀመው ሃፍማን ኮዲንግ ነው፣ ብዙ ለሚደጋገም ባይት አጭር ኮድ የሚሰጥ፣ ኮዶቹንም ከባይናሪ ትሪ የሚያወጣ ዘዴ፣ እና አንድ ተጠቃሚ የላከልን ፋይል ሲገባበት ፕሮግራሙ ክራሽ ያደርጋል። ፋይሉን ከፍተን ስናየው ከላይ እስከ ታች ዜሮ ባይት ነው፣ ሌላ ምንም የለበትም። ተከታትለን ተከታትለን የደረስነው እዚች መስመር ላይ ነው፦

```c
Node *nodes = malloc((2 * n - 1) * sizeof(Node));
```

እዚህ ጋር n ማለት ፋይሉ ውስጥ ያሉት የተለያዩ ባይቶች ብዛት ነው። እያንዳንዱ የተለየ ባይት ትሪው ላይ አንድ ሊፍ ይሆናል፣ ትሪው ደግሞ ፉል ከሆነ፣ ማለትም እያንዳንዱ ኖድ ወይ ሁለት ልጅ ካለው ወይ ጭራሽ ከሌለው፣ ኢንተርናል ኖዶቹ ከሊፎቹ በአንድ ያንሳሉ፣ ስለዚህ n ሲደመር n-1። ለምሳሌ ABRACADABRA የሚለውን ብትወስዱ አምስት የተለያየ ፊደል አለው። C እና D አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ስለመጡ መጀመሪያ እነሱ ይጣመራሉ፣ ከዛ B እና R፣ ከዛ ሁለቱ ጥንዶች፣ በመጨረሻ ያ ሁሉ ከ A ጋር። አራት ማጣመር ስለሆነ አራት ኢንተርናል ኖድ፣ ከአምስቱ ሊፍ ጋር 9 ኖድ፣ 2 ሲባዛ 5 ሲቀነስ 1 በትክክል።

ኮዱን የጻፈው ልጅ ቲማችን ውስጥ አዲስ ነው ግን ጎበዝ ነው፣ ከመስመሩ በላይ ኮመንት ላይ ማረጋገጫ ሁሉ ጽፎበታል (ይሄን የሚያደርግ ስንት ሰው ታውቃላችሁ?)። ማረጋገጫው ባጭሩ እንዲህ ነበር፦ በአንድ ኖድ ጀምር፣ ሊፍ 1 ኢንተርናል 0። ከዛ አንዱን ሊፍ ያዝና ሁለት ልጅ ስጠው፣ እሱ ኢንተርናል ይሆናል፣ ሁለት አዲስ ሊፍ ይመጣል፣ ሊፉም በ1 ኢንተርናሉም በ1 ጨመረ፣ ልዩነቱ ሁሌ 1 ነው፣ አለቀ።

ሲኒየራችን አነበበችውና "መልሱ ትክክል ነው፣ ማረጋገጫው ግን ጎዶሎ ነው" አለችው።

"እንዴት? ኢንዳክሽን እኮ ነው" አላት።

"አንተ ያሳየኸው በዚህ መንገድ ያሳደግካቸው ትሪዎች ላይ እንደሚሰራ ነው። ማንኛውም ፉል ትሪ በዚህ መንገድ አድጎ እንደሚገኝ የቱ ጋር አሳየህ?"

"ግልጽ አይደል እንዴ?"

"እሺ እኔም በአንተ መንገድ አንድ ነገር ላረጋግጥልህ። የፉል ትሪ ቁመት ሁሌ ከኢንተርናል ኖዶቹ ብዛት ጋር እኩል ነው። በአንድ ኖድ እጀምራለሁ፣ ቁመት 0 ኢንተርናል 0። ከዛ ከሁሉም በታች ያለውን ሊፍ ለሁለት እከፍላለሁ፣ ቁመቱም በ1 ኢንተርናሉም በ1 ጨመረ። አለቀ።"

ልጁ ዝም አለ፣ ከዛ ወረቀት ላይ ሩቱን፣ ሁለት ልጆቹን፣ ከስር አራት ሊፍ ሳለ። ኢንተርናል 3 ቁመት 2። ሳቀ። ችግሩ የቱ ጋር እንደሆነ ወዲያው ገባው፣ እሷ እንደፈለገች እየመረጠች ስታሳድግ ወደ አንድ ጎን የሚረዝሙ ትሪዎችን ብቻ ነው ያገኘችው፣ ይሄኛው ደግሞ በዛ መንገድ በጭራሽ አይገኝም። የእሱ አባባል እውነት ሆኖ የተገኘው በፉል ትሪዎች ባህሪ ምክንያት ነው እንጂ የጻፈው ነገር ስላረጋገጠው አይደለም።

ስለዚህ ማሳደጉን ትቶ በሌላ ጎኑ መጣ፣ የተሰጠህን ትሪ ይዞ መቁረጥ። k ኢንተርናል ኖድ ያለው ማንኛውም ፉል ትሪ ይሰጥህ፣ k ቢያንስ 1 ይሁን፣ ሊፎቹን L በላቸው። እንዴት እንደተሰራ አትጠይቅ፣ ከፋይል ተነበበም በሃፍማን ተገነባም ግድ የለህም። ከኢንተርናል ኖዶቹ መሃል ከሩት በጣም የራቀውን ፈልግ። የሱ ሁለቱም ልጆች የግድ ሊፍ ናቸው፣ ምክንያቱም አንዱ ኢንተርናል ቢሆን ኖሮ እሱ የበለጠ ይርቅ ነበር። ሁለቱን ልጆች ቁረጣቸው። ሁለት ሊፍ ሄደ፣ ወላጃቸው ደግሞ ራሱ ሊፍ ሆነ፣ ስለዚህ ሊፉ L-1 ኢንተርናሉ k-1 ቀረ። የቀረው ትሪም አሁንም ፉል ነው፣ ይሄን ማየት ግድ ነው፣ ካልሆነ የኢንዳክሽኑን ግምት ልትጠቀምበት አትችልም። በግምቱ L-1 = (k-1)+1፣ ማለትም L = k+1። መነሻው ኢንተርናል የሌለው ትሪ ነው፣ አንድ ኖድ ብቻ፣ እሱም ሊፍ ነው።

በነገራችን ላይ ሩቱን ቆርጦ ግራና ቀኝ ሰብ ትሪ ላይ መስራትም ይቻላል፣ ያኔ ግን ግምቱ ከ k ለሚያንስ ሁሉ መሆን አለበት፣ ሁለቱ ሰብ ትሪዎች ስንት ስንት እንደሚይዙ አታውቅማ። ለእኔ ያ ይሻላል፣ ሪከርሲቭ ኮድ የሚያስበው እንደዛ ስለሆነ። ልጁ ግን መቁረጡን ወደደው፣ ባጉንም ያሳየን እሱ ነው።

ምክንያቱም "ሁለቱን ልጆች ቁረጣቸው" የሚለው ጋር ሲደርስ ራሱ ቆመና "አንድ ልጅ ብቻ ቢኖረውስ?" አለ። ያኔ አንድ ሊፍ ትቆርጣለህ ወላጁ ሊፍ ይሆናል፣ ሊፉ አይቀንስም፣ ኢንተርናሉ ግን በ1 ይቀንሳል። ያም ማለት ባለ አንድ ልጅ ኖድ በተገኘ ቁጥር ሊፍ ሳይጨምር አንድ ኢንተርናል በነጻ ይጨመራል። አንድ ልጅ ያላቸውን ጨምረህ ስትቆጥር ሊፍ ሁሌ በ1 የሚበልጠው ሁለት ልጅ ያላቸውን ኖዶች ብቻ ነው፣ አንድ ልጅ ያላቸው ሺም ቢሆኑ ሊፉን አይነኩትም፣ አሬዩን ግን ይሞሉታል።

ዜሮ ብቻ ያለው ፋይልስ? አንድ የተለየ ባይት፣ n = 1። ትሪው አንድ ሊፍ ብቻ ቢሆን ያ ባይት የሚጻፍበት ኮድ ርዝመቱ 0 ቢት ይሆናል፣ ዲኮደሩ ስንት ጊዜ እንደሚደግመው ከቢቶቹ ማወቅ አይችልም፣ ስለዚህ የሆነ ሰው ከድሮ ጀምሮ ለዚህ ኬዝ ብሎ ሩት ፈጥሮ በግራ በኩል ያንን ሊፍ አንጠልጥሎበታል፣ ቀኙ ባዶ ነው። ኖዶቹ 2፣ አሬዩ የተያዘው ለ 2*1-1 ማለትም ለ 1። ሁለተኛው ኖድ የተጻፈው የእኛ ያልሆነ ሜሞሪ ላይ ነበር። ሌሎች ፋይሎች ላይ ያልታየው n ሁለትና ከዛ በላይ ሲሆን ሃፍማን ሁሌ ሁለት ሁለት እያጣመረ ስለሚሄድ ፉል ያልሆነ ትሪ ሊያወጣ ስለማይችል ነው።

መፍትሄው ላይ ትንሽ ተከራከርን። አንዳንዱ አሬዩን 2*n አድርጉትና ይለፍ አለ፣ ይሰራል፣ ግን ያ ማለት ፉል ያልሆነውን ትሪ ሌላው ኮድም ሁሉ ይሸከመው ማለት ነው። የሄድነው በልጁ ሃሳብ ነው፣ n = 1 ሲሆን ፋይሉ ውስጥ የሌለ ማንኛውንም ሌላ ባይት በድግግሞሽ 0 እንጨምራለን፣ n ሁለት ይሆናል፣ ትሪው ፉል ይሆናል፣ 3 ኖድ፣ የድሮው ልዩ ኬዝ ደግሞ ጠቅላላ ተሰረዘ። ከስሩ ይሄን ጨመረበት፣ ኮመንቱንም በመቁረጡ ማረጋገጫ ቀየረው፦

```c
assert(leaves == internals + 1);
```

ባዶ ፋይል፣ n = 0፣ አሁን በሌላ ፑል ሪኩዌስት ላይ ነው ያለው፣ እሱ ላይ ደግሞ ጭራሽ ትሪ የለም።